ገቢ ሲቋረጥ የመጣ የታክስ ዕዳ፦ ለአይ.አር.ኤስ ወርኃዊ ክፍያ መቼና እንዴት ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ «በአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ የምኖር፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ኡበር እነዳ ነበር። ሜይ ላይ መኪናዬ በግጭት ከጥቅም ውጭ ሆነችና ገቢዬ ቆመ። የ2024 ታክስ 9,600 ዶላር ክፈል ስለሚል፣ ገንዘቡም ስለሌለኝ፣ እስካሁን ፋይል አላደረግኩም። የ2023ቱን በጊዜው ፋይል አድርጌ የቀረብኝ ዕዳ አለ፤ በዚህ ሳምንት ሲፒ 504 የሚል ደብዳቤ መጥቶ 3,150 ዶላር ይላል። ባለቤቴ በወር እጇ የሚገባው 2,950 ዶላር ሲሆን ወጪያችን 3,300 ነው። ሴፕቴምበር ላይ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት እጀምራለሁ። አሁኑኑ ደውዬ በወር 300 እከፍላለሁ ልበል? ወይስ 3,500 ዶላር ከፍለኸን ዕዳህን ወደ 1,000 እናወርደዋለን ያለኝን ድርጅት ልያዝ? ዛሬ ጁላይ 10፣ 2025 ነው።»

መልስ፦ ስልክ ከማንሳትዎ በፊት የ2024ን ሰነድ ፋይል ያድርጉ፤ ይህንንም ከፊታችን ማክሰኞ፣ ከጁላይ 15 በፊት ያድርጉት። ገንዘብ ሳይኖር ፋይል ማድረግ ራስን አሳልፎ መስጠት ነው የሚለው አስተሳሰብ በእኛ ሰው ዘንድ በጣም የተስፋፋ ነው፤ እኔ ካየኋቸው ስሕተቶች ሁሉ ግን ብዙ ገንዘብ ያስወጣው ይህ ነው። ሕጉ ሁለት የተለያዩ ቅጣቶች አሉት። አለመክፈል በወር ግማሽ ከመቶ ያስቀጣል። ፋይል አለማድረግ ደግሞ ከዚያ ጋር ተደምሮ በወር አምስት ከመቶ ያደርሰዋል፤ ከአንድ ወር ላይ አንድ ቀን ብቻ ቢያልፍም እንደ ሙሉ ወር ይቆጠራል። ኤፕሪል 15 ላይ አንድ ሳንቲም ሳይከፍሉ ሰነዱን ብቻ አስገብተው ቢሆን ኖሮ የሦስቱ ወር ቅጣት 144 ዶላር ይሆን ነበር። ባለማስገባትዎ 1,440 ዶላር ሆኗል። ማክሰኞ ካለፈ ሌላ 480 ዶላር ይጨመራል፤ ይህም እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ድረስ በየወሩ ይቀጥላል። ይህ ከከባድ አራጣ የማይተናነስ ነው።

ፋይል ማድረጉ ከቅጣቱም በላይ አስፈላጊ የሚሆንበት ሌላ ምክንያት አለ። አይ.አር.ኤስ ያልቀረበ ሰነድ ያለበትን ሰው የወርኃዊ ክፍያ ጥያቄ አይቀበልም። ዛሬ ደውለው ስለ 2023 ዕዳ ቢያነጋግሯቸው፣ መጀመሪያ የሚነግሩዎት የ2024 ሰነድ እንደጎደለ ነው። በሆነ አጋጣሚ ለ2023 ብቻ ስምምነት ቢያገኙ እንኳ፣ የ2024 ዕዳ ሲመዘገብ አዲስ ያልተከፈለ ዕዳ ስለሚሆን ስምምነቱን ያፈርሰዋል። ስለዚህ ሁለቱ ዓመታት በአንድ ስምምነት ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ለዚያም ሁለቱም በመዝገባቸው ላይ መታየት ይኖርባቸዋል።

ሰነዱን ሲልኩ ግን የ9,600 ዶላሩን ስሌት በጭፍን አይቀበሉት። የኡበር ሾፌር በዓመቱ መጨረሻ የሚደርሰው 1099-ኬ የሚያሳየው ተሳፋሪው የከፈለውን ጠቅላላ ሒሳብ ነው፤ ኩባንያው የወሰደው ድርሻና ልዩ ልዩ ክፍያ በውስጡ አለ። አዘጋጅዎ ያንን ድርሻ እንደ ወጪ ካልቀነሰው፣ እጅዎ ባልገባ ገንዘብ ላይ ታክስ እየከፈሉ ነው። ሁለተኛው ማይል ነው። ለ2024 ለሥራ የተነዳ እያንዳንዱ ማይል 67 ሳንቲም ያስቀንሳል። 30,000 ማይል ነድተው ሳይጻፍ ቀርቶ ከሆነ 20,100 ዶላር ተቀናሽ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ይህ ለራሱ የሚሠራ ሰው በሚከፍለው የራስ ሥራ ታክስ ብቻ ወደ 2,840 ዶላር ይደርሳል፣ የገቢ ታክሱን ሳንጨምር። የኩባንያው ዓመታዊ ማጠቃለያ የነዱትን ማይል ያሳያል፤ በእርሱ ውስጥ ያልተካተተውን ለማግኘት ግን የራስዎን መዝገብ ወይም የመኪና ጥገና ደረሰኝ ላይ ያለውን የኦዶሜትር ቁጥር ይመልከቱ። ሳያስረዱ የፈጠሩት ማይል በኋላ ሌላ ጣጣ ስለሚያመጣ፣ የሚጽፉት ሊያሳዩት የሚችሉትን ብቻ ይሁን። ይህን ማጣራት አንድ ምሽት ይፈጃል፤ ሰኞ ማታ ሰነዱን ለመላክ በቂ ጊዜ አለዎት። ከዚህ በታች የምሠራው ሒሳብ ግን 9,600 ትክክል ነው ከሚል ግምት ይነሣል።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንምጣ። ሲፒ 504 ላይ «ለመያዝ ያለን ፍላጎት» የሚል ትርጉም ያለው ቃል በደማቁ ስለተጻፈበት፣ ነገ ጠዋት የባንክ ሒሳቡ የሚዘጋ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። በዚህ ደብዳቤ መነሻነት መሥሪያ ቤቱ ሊወስድ የሚችለው በዋናነት ከክፍለ ግዛቱ የሚመለስልዎትን የታክስ ገንዘብ ነው። የባንክ ሒሳብ ወይም ደመወዝ ለመያዝ ግን በተለምዶ ሌላ የመጨረሻ ደብዳቤ መላክ አለበት፤ ኤልቲ 11 ወይም ሲፒ 90 የሚል ቁጥር ይይዛል። ያኛው ሲመጣ በፎርም 12153 ለመሰማት የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ጊዜውም 30 ቀን ነው። ያ 30 ቀን ካለፈ ብዙ በር ስለሚዘጋ፣ ከአሁን በኋላ የሚመጣውን እያንዳንዱን ፖስታ ይክፈቱ፤ በቀኝ በኩል ያለውን የደብዳቤ ቁጥርም ያንብቡ። በሲፒ 504 ምክንያት የሚቀየር አንድ ነገር አለ፦ ዕዳው ሳይከፈል ወይም ስምምነት ሳይደረግበት ከቆየ፣ በ2023 ዕዳ ላይ ያለው የአለመክፈል ቅጣት በወር ከግማሽ ወደ አንድ ከመቶ ከፍ ይላል።

የሚሉትን ለመስማት በደብዳቤው ላይ ወደ ተጻፈው ስልክ ይደውሉ፤ ግን ሰነዱን ከላኩ በኋላ። እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት መጀመሪያ ሰው ሲያነሣልዎት የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ አይ.አር.ኤስ በስልክ አስተርጓሚ በነፃ ያገናኛል፣ ልጅዎን ማስቀመጥ አያስፈልግዎትም። የሚሉት ሦስት ነገር ብቻ ይሁን፦ የ2024 ሰነድ በዚህ ቀን በኢሌክትሮኒክ ተልኳል፣ ሜይ ላይ ገቢዬ ተቋርጧል፣ ሁለቱም ዓመታት በመዝገቡ ላይ ሲታዩ በአንድ ላይ ወርኃዊ ክፍያ እጠይቃለሁ፤ እስከዚያ ማስፈጸሙን አቁሙልኝ። ብዙ ጊዜ ለተወሰኑ ሳምንታት ፋታ ይሰጣሉ። ያነጋገረዎትን ሠራተኛ መለያ ቁጥር፣ ቀኑንና የተሰጠዎትን ቀነ ገደብ ደብዳቤው ጀርባ ላይ ይጻፉት። በዚህ ጥሪ ላይ 300 ብለው ቁጥር አይስጡ። በወር 350 ዶላር የሚጎድለው ቤተሰብ 300 እከፍላለሁ ቢል፣ ቃሉ የሚፈርሰው በሁለተኛው ወር ነው፤ የፈረሰ ስምምነት ደግሞ ካልተደረገ ስምምነት ይበልጥ ያስቸግራል።

ወርኃዊ ክፍያው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ በትክክል መረዳት አለብዎት፤ እንደ ቤት መግዣ ብድር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸውና። ለግለሰብ ጠቅላላ ዕዳው ከ50,000 ዶላር ካልበለጠ፣ የገቢና የንብረት ዝርዝር ሳያቀርቡ IRS.gov/OPA ላይ ገብተው ራስዎ መጠየቅ ይችላሉ። በወረቀት የሚጠየቅበት ፎርም 9465 ላይ ዕዳውን ለ72 አካፍሉ የሚል መስመር አለ፤ ከዚያ በታች ካላቀረቡ ዝርዝር አይጠየቁም። የእርስዎን እንሥራው። የ2024 ታክስ 9,600፣ ቅጣቱ 1,440፣ የሦስት ወር ወለዱ ወደ 170፤ በዚህ ላይ የ2023 ዕዳ 3,150 ሲጨመር 14,360 ዶላር ገደማ ይሆናል። እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ድረስ የሚጨመረውን ወለድና ቅጣት ስናክልበት 14,700 ያህል ይደርሳል። ለ72 ሲካፈል 204 ዶላር ነው። እንግዲህ 300 ያሉት ማንም ያልጠየቀዎትን ነው።

ሆኖም 204 ዶላር በወር ከፍሎ በስድስት ዓመት ዕዳው ያልቃል ብለው አያስሉ። ስምምነት ማድረግ ወለድን አያቆምም። የ2025 የወለድ መጠን በዓመት 7 ከመቶ ሲሆን በየሩብ ዓመቱ ይከለሳል፤ በ14,700 ላይ የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 86 ዶላር ያህል ነው። የአለመክፈል ቅጣቱም ይቀጥላል። ይህ ቅጣት በስምምነት ጊዜ ወደ ሩብ ከመቶ ዝቅ የሚለው ሰነዱ በጊዜው ለቀረበለት ዓመት ብቻ ነው፤ ስለዚህ የ2023ዎ ዝቅ ይላል፣ የ2024ቱ ግን ግማሽ ከመቶ እንደሆነ ይቆያል፣ ማለትም በወር 48 ዶላር። ተደምሮ ከመጀመሪያው 204 ዶላርዎ ውስጥ 140 ያህሉ ለወለድና ለቅጣት ጭማሪ ይሄዳል፤ ዕዳው በእውነት የሚቀንሰው በ60 ዶላር ገደማ ነው። ይህን የምነግርዎ ሊያስፈራዎት ሳይሆን፣ 204 የወለል ግምት እንጂ የክፍያ ዕቅድ አለመሆኑን እንዲያውቁ ነው። ከዚያ በላይ ለመክፈል ፈቃድ አያስፈልግም፣ ቀድሞ መክፈልም አያስቀጣም። ስምምነቱን በዝቅተኛው ቁጥር ያስሩት፤ ከእጅዎ የሚተርፈውን ደግሞ በተገኘ ጊዜ በተጨማሪ ይክፈሉ። እቁብ ሲደርስዎ ወይም ከመኪናው ኢንሹራንስ የሚተርፍ ገንዘብ ካለ፣ የሚገባው እዚያ ነው።

ስምምነቱ የሚሰጥዎት ዋናው ጥቅም ጥበቃ ነው። ጥያቄዎ በሚታይበት ጊዜ፣ ከተፈቀደ በኋላም ክፍያው እስካልተቋረጠ ድረስ፣ መሥሪያ ቤቱ ደመወዝና የባንክ ሒሳብ አይይዝም። ቢከለከሉም ከክልከላው በኋላ 30 ቀን፣ ይግባኝ ካሉ ደግሞ እስኪወሰን ድረስ ጥበቃው ይቀጥላል። ይህ በተለይ ለባለቤትዎ ደመወዝ ይጠቅማል፤ ሰነዱን በጋራ ፋይል ካደረጋችሁ እያንዳንዳችሁ ለሙሉው ዕዳ ተጠያቂ ናችሁ፣ ገንዘቡን ያመጣው የእርስዎ መኪና ቢሆንም። የማይሰጥዎት ነገርም አለ። በየዓመቱ የሚመለስልዎት የታክስ ገንዘብ ሁሉ ለዕዳው ይወሰዳል፤ እንደ ወርኃዊ ክፍያም አይቆጠርልዎትም። ለልጆች የሚሰጠው ቅናሽ በየፌብሩዋሪው ቤቱን የሚያቃና ከሆነ፣ ዕዳው እስኪያልቅ ድረስ ያንን ገንዘብ ከቤት በጀት ያውጡት።

ለመጠየቂያ የሚከፈለው ገንዘብ እንደ መንገዱ ይለያያል። በኢንተርኔት ጠይቀው ክፍያው ከባንክዎ በራሱ እንዲቆረጥ ካደረጉ 22 ዶላር ሲሆን፣ ያንኑ በስልክ ወይም በፖስታ ከጠየቁ 107 ዶላር ነው። ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ ሁለት እጥፍ ተኩል የማይበልጥ ሰዎች በባንክ የሚቆረጥ ስምምነት ካደረጉ ጨርሶ አይከፍሉም፤ በ2025 ለአራት ሰው ቤተሰብ ይህ ወሰን ከ80,000 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። ዓመታዊ ገቢያችሁ ከዚያ በታች ሆኖ ሥርዓቱ በራሱ ካላወቀው በፎርም 13844 ይጠየቃል። በባንክ የሚቆረጠውን እንዲመርጡ አጥብቄ የምመክረው ግን ለ22 ዶላሩ አይደለም። ከማያቸው የፈረሱ ስምምነቶች መካከል ብዙዎቹ ገንዘብ ጠፍቶ ሳይሆን ቼኩ ዘግይቶ የፈረሱ ናቸው።

ምን ያህል ይከፈል ከሚለው በፊት ግን መጠየቅ የነበረበት፣ ዛሬ ባለው ገቢ ወርኃዊ ክፍያ ትክክለኛው በር ነው ወይ የሚለው ነው። ከአውቶቡሱ ሥራ በፊት መልሱ አይደለም ነው። ገቢው መሠረታዊ ወጪውን የማይሸፍን ቤተሰብ፣ ዕዳው ለጊዜው የማይሰበሰብ ተብሎ እንዲመዘገብለት መጠየቅ ይችላል። ሲፈቀድ ክፍያም ማስፈጸምም ይቆማል፤ ወለዱና ቅጣቱ ግን አይቆሙም፣ ተመላሽ ገንዘቡም ይወሰዳል፣ ገቢ ሲሻሻልም ፋይሉ እንደገና ይታያል። ዕዳው የሚሰበሰብበት የአሥር ዓመት ዘመን በዚህ ጊዜም መቁጠሩን ይቀጥላል። የወርኃዊ ክፍያ ጥያቄ በሚታይበት ጊዜ ደግሞ ያ ቆጠራ ይቆማል፤ ልዩነቱ ለእርስዎ ዓይነቱ አዲስ ዕዳ ትንሽ ቢሆንም ሊያውቁት ይገባል።

ይህን በር ለማንኳኳት ፎርም 433-ኤፍ ይሞላል፤ በስልክም መረጃውን ይቀበላሉ። እዚህ ላይ የእኛን ቤት የሚመለከቱ ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ መብራት፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ ወደ ሥራ የሚወስድ መኪና ይቆጠራሉ፤ ለምግብና ለመሳሰሉት ደግሞ መሥሪያ ቤቱ እንደ ቤተሰቡ ቁጥር ያወጣው ጣሪያ አለ። ወደ አገር ቤት ለወላጅ የሚላክ ገንዘብ ግን በአብዛኛው አስፈላጊ ወጪ ተብሎ አይታይም፣ እቁብም እንደዚያው። ስለዚህ የነገሩኝ 3,300 ውስጥ 200ው ለእናትዎ የሚላክ፣ 250ው እቁብ ከሆነ፣ በእነርሱ ሒሳብ ወጪዎ 2,850 ነው፤ እርስዎ ጎድሎኛል ያሉትን እነርሱ 100 ዶላር ተርፎዎታል ብለው ያነቡታል። ሁለተኛው፣ ገና ያልወጣልዎ እቁብ የእርስዎ ገንዘብ ነው፤ ከባንክ መግለጫው ላይ በየሁለት ሳምንቱ ለአንድ ሰው የሚላክ እኩል ገንዘብ ሲያዩ ምን እንደሆነ መጠየቃቸው አይቀርም። ፎርሙ በሐሰት መሐላ ቅጣት ሥር የሚፈረም ስለሆነ የሆነውን በቀጥታ ይናገሩ።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ሰነዱን እስከ ሰኞ ይላኩ፤ ከዚያ ደውለው ፋታ ይጠይቁ፤ የአይ.አር.ኤስ መለያ ገጽዎን ከፍተው በየሳምንቱ ይመልከቱ። የ2024 ዕዳ ተመዝግቦ ሁለቱ ዓመታት ጎን ለጎን ሲታዩ፣ የአውቶቡሱ የመጀመሪያ ደመወዝም እርግጥ ሲሆን፣ በኢንተርኔት በዚያን ቀን በሚያሳይዎት ዝቅተኛ ክፍያ፣ በ200 ዶላር አካባቢ፣ ከባንክ የሚቆረጥ ስምምነት ያድርጉ። የመክፈያ ቀኑን ከደመወዝ ቀንዎ ሦስት አራት ቀን በኋላ ይምረጡት፤ የቤት ኪራይ በሚወጣበት ሳምንት አያድርጉት። ሥራው ካልተጀመረ፣ ወይም በስልክ ፋታ ከከለከሉዎት፣ የማይከፍሉትን ስምምነት ከመግባት ይልቅ ዕዳው ለጊዜው እንዳይሰበሰብ ይጠይቁ። ኤልቲ 11 በዚህ መሐል ከመጣ ሴፕቴምበርን አይጠብቁ፤ ፎርም 12153ን በ30 ቀኑ ውስጥ በሪኮመንዴ ይላኩ።

ከዚያ በኋላ ስምምነቱን የሚያፈርሰው በአብዛኛው ያመለጠ ወር አይደለም፤ ለዚያ ሲፒ 523 የሚል ማስጠንቀቂያ መጥቶ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። የሚያፈርሰው የሚቀጥለው ዓመት ታክስ ነው። በራሱ የሚሠራ ሾፌር ታክሱ ከደመወዙ ስለማይቆረጥ፣ በየሩብ ዓመቱ በፎርም 1040-ኢኤስ ካልከፈለ፣ ኤፕሪል ላይ አዲስ ዕዳ ይዞ ይመጣና የቆየው ስምምነት ይወድቃል። የአውቶቡሱ ሥራ ደመወዝ ከታክስ ተቀንሶ የሚመጣ ስለሆነ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነዎት። ከጃንዩዋሪ እስከ ሜይ የነዱት የኡበር ገቢ ግን ታክስ አልተቆረጠበትም። ከዚያ የተጣራው 14,000 ዶላር ነው ብንል የራስ ሥራ ታክሱ ብቻ 1,980 ገደማ ነው። አዲሱ አሠሪ ደብልዩ-4 ሲያስሞላዎት በመስመር 4(ሲ) ከእያንዳንዱ ደመወዝ ተጨማሪ እንዲቆረጥ መጻፍ ይቻላል። ገቢያችሁ ዘንድሮ ዝቅ ያለ፣ ልጆችም ያሏችሁ በመሆናችሁ ሙሉው 1,980 ላያስፈልግ ይችላል፤ የ2024ን ሰነድ ያዘጋጀው ሰው ኦገስት ላይ የዓመቱን ግምት ሠርቶ ቁጥሩን እንዲሰጥዎ ይጠይቁት፤ ያንን ቁጥር በቀሩት ደመወዞች አካፍለው በመስመሩ ላይ ይጻፉ።

ስለ ቅጣት ይቅርታ አጭር ነገር ልጨምር። የመኪናው አደጋ የደረሰው ሜይ ላይ ነው፤ የ2024 ሰነድ ደግሞ ኤፕሪል 15 ላይ መግባት ነበረበት። ስለዚህ አደጋውን ፋይል ላለማድረጌ ምክንያት ነው ብለው አይጻፉ፤ ቀኖቹን አስተያይተው ይጥሉታል፣ የገንዘብ እጥረትም ፋይል ላለማድረግ በቂ ምክንያት ተብሎ አይታይም። ከሜይ በኋላ ያለውን አለመክፈል ለማስረዳት ግን የፖሊስ ሪፖርቱና የኢንሹራንሱ ደብዳቤ ጥሩ ማስረጃ ናቸውና ያስቀምጧቸው። ለ2023 ደግሞ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ቅጣት ካልነበረብዎት፣ የመጀመሪያ ጊዜ ምሕረት በስልክ መጠየቅ ይቻላል።

ድርጅቱን በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው። ዕዳን ዝቅ አድርጎ የመዝጋት ሥርዓት በእርግጥ አለ፤ በፎርም 656 ይጠየቃል፣ 205 ዶላር ማመልከቻ አለው። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ የሚያሰላው ዛሬ ኪስዎ ውስጥ ያለውን ሳይሆን ንብረትዎንና ወደፊት ሊያተርፉ የሚችሉትን ገቢ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ደመወዝ የሚጀምር፣ ሚስቱም የምትሠራ ሰው ይዞት የሚቀርበው ጥያቄ ደካማ ነው፤ ሰነዶቻችሁን ሳያይ 1,000 ዶላር ብሎ ቁጥር የሰጠዎት ሰው ይህን አላሰላም። 3,500 ዶላሩ የ17 ወር ክፍያዎ ነው። ረዳት ካስፈለገዎት፣ ለዝቅተኛ ገቢ ግብር ከፋዮች የተቋቋሙ ክሊኒኮች አሉ፤ በነፃ ወይም በጥቂት ገንዘብ ከአይ.አር.ኤስ ጋር ይከራከሩልዎታል፣ የገቢ ወሰናቸውም ያው የድህነት መለኪያ ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ዝርዝራቸው በአይ.አር.ኤስ ፐብሊኬሽን 4134 ላይ በየክፍለ ግዛቱ ይገኛል።

በመጨረሻም የቨርጂኒያን አይርሱ። የፌዴራሉ ስምምነት የክፍለ ግዛቱን ታክስ አይሸፍንም፤ ሪችመንድ ያለው የታክስ መሥሪያ ቤት የራሱ ዕዳ፣ የራሱ ደብዳቤና የራሱ የክፍያ ስምምነት አለው። የፌዴራሉን ሰነድ ሰኞ ሲልኩ የቨርጂኒያውንም አብረው ይላኩ፤ የሚወጣብዎትን ዕዳ ካወቁ በኋላ ለእነርሱ ለብቻቸው ወርኃዊ ክፍያ ይጠይቁ፤ ያንንም ቁጥር ከ204ቱ ጋር ደምረው ነው ከአዲሱ ደመወዝዎ ላይ የሚተርፈውን የሚለኩት።